ውሃ ጠፋ የሚሉ 400 መልእክቶች

«ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ።» «ቧንቧው ፈንድቶ መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ ኧረ ሰው ላኩ!» «የዚህ ወር ቢል እጥፍ ሆኖ መጣብኝ፤ ቆጣሪው ይታይልኝ።» «የሚመጣው ውሃ ቀይ ነው፤ ለልጅ አይሆንም።»

የአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት አቤቱታ የሚቀበልበት የቴሌግራም መስመር ከፈተ እንበል። በቀን ሺህ ያህል መልእክት ይገባል። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት ተቀምጣ እያነበበች ለአራት ክፍሎች ታከፋፍላለች፤ የተቋረጠ ውሃ ወደ ሥርጭት፣ የፈነዳ ቧንቧ ወደ ጥገና፣ የቢል ጣጣ ወደ ሒሳብ፣ የደፈረሰ ውሃ ወደ ጥራት ቁጥጥር። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ማለቂያ የለውም እንጂ። ማታ የተላከ «ቧንቧ ፈነዳ» ተራው ደርሶ እስኪነበብ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ አስፋልት ሲያጥብ ያድራል። እንዲህ ባለ ቦታ ውሎ አድሮ አንዱ «ይህን ኮምፒውተር አይሠራውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይሠራዋል። ጽሑፍ አይቶ «ይህ የዚህኛው ክፍል ነው» የሚል ፕሮግራም መሥራት ከቆየ ሙያ ነው፤ የኢሜይል ሳጥናችን አይፈለጌ መልእክትን የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ ሕግ አይሰጠውም፤ ምሳሌ ነው የሚሰጠው። ሰው አንብቦ «ይህ ቢል ነው፣ ይህ ስብራት ነው» እያለ መለያ የለጠፈባቸውን መልእክቶች አይቶ ልዩነቱን ራሱ ያገኛል። ችግሩ ምሳሌው የሚበቃው ስንት ሲሆን ነው የሚለው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መለያ የተለጠፈበት ጽሑፍ አውርዶ ሊጀምር ይችላል። የእኛ ውሃ አገልግሎት ግን ሁለት ሠራተኞች ሁለት ቀን ተቀምጠው የለዩአቸው 400 መልእክቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ከነዚህ 240 መቋረጥ፣ 80 ቢል፣ 56 ስብራት፣ 24 ደግሞ ጥራት ናቸው። መሥሪያ ቤቱም ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያመጣኋቸው ናቸው፤ የሚከተለው ጣጣ ግን በአማርኛ የሚሠራ ሁሉ የሚገጥመው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱ ሠራተኞች ራሳቸው ይስማሙ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። «ቢል በየወሩ እንከፍላለን፣ ውሃ ግን የለም» የሚለው የቢል ነው ወይስ የመቋረጥ? «ስለ ንጹሕ አየሩ እናመሰግናለን፤ ቧንቧውን ስንከፍት የሚወጣው እሱ ብቻ ነው» የሚለውስ? ሰው ይስቅና ወደ ሥርጭት ይመራዋል። ማሽኑ ግን «ንጹሕ» የሚለውን አይቶ ጥራት፣ «እናመሰግናለን» የሚለውን አይቶ ምስጋና ሊለው ይችላል። በአማርኛ ቁጣ ብዙ ጊዜ በሽሙጥ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ስምምነትን ለመለካት ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ 100 መልእክት እንዲለዩ ይደረጋል። በ80ው ከተስማሙ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ምርጫው ሁለት ብቻ ሆኖ ሁለቱም ግማሽ በግማሽ የሚመድቡ ቢሆኑ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመርጡም በ50ው ይገጣጠሙ ነበር። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው 50 ያገኙት 30 ነው፤ ይህም 0.6 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ባለሙያዎች ካፓ ይሉታል። ካፓው ዝቅ ሲል መድኃኒቱ ሌላ ሠራተኛ መጨመር ሳይሆን አንድ ገጽ መመሪያ መጻፍ ነው፦ «ውሃ የለም የሚል ነገር ካለበት፣ ቢል ቢጠቀስም መቋረጥ ነው» የሚል ዓይነት። ምሳሌው 400 ብቻ ሲሆን ሠላሳ የተምታታ መለያ ትልቅ ጉዳት ነው፤ መቶ ሺህ ውስጥ ግን ሠላሳው ሰምጦ ይቀር ነበር።

የተበደረ ዕውቀት

አሁን አንድ አዲስ ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት ተቀጠረ እንበል። የተለዩትን 400 መልእክቶች ሰጥታችሁት «እነዚህን አይተህ ሌላውን ምራ» ብትሉት እስከ ምሳ ሰዓት ይለምደዋል። አማርኛ አይማርም፤ ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል። የሚቀረው የቢሮው አሠራር ብቻ ነው። ከባዶ የሚጀምር ማሽን ግን ከ400 መልእክት ውስጥ አማርኛንም የቢሮውን አሠራርም አንድ ላይ መማር አለበት። «ጠፋ»፣ «ጠፍቷል»፣ «ከጠፋ»፣ «ስለጠፋብን» የሚሉት ዝምድና እንዳላቸው የሚነግረው የለም፤ አራት የማይተዋወቁ ቃላት ሆነው ነው የሚቆጥራቸው።

ትራንስፈር ለርኒንግ፣ ማለትም ትምህርትን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ማሻገር፣ የሚያደርገው ይህን የሥራ ክፍፍል ወደ ማሽኑ ማምጣት ነው። በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ሞዴል መለያ የሌለው ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል። ከዓረፍተ ነገሩ አንዳንድ ቃል ይሸፈንበትና የተሸፈነው ምን እንደሆነ እንዲገምት ይደረጋል። ይህን በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋግም «ውሃ» እና «ቧንቧ» እንደሚጎራበቱ፣ «አል» እና «ም» ግሡን ከበው ሲመጡ ነገሩ እንደሚገለበጥ ያነሣል። ይህን የሚያክል ሥልጠና ትልልቅ ተቋማት በብዙ ወጪ አንድ ጊዜ ይሠሩታል፤ እኛ በነፃ እናወርደዋለን። ከዚያ በኋላ በ400ዎቹ መልእክቶች ጥቂት ማስተካከል ብቻ ይቀራል።

ይሁን እንጂ የሚወርደው ሞዴል አማርኛ ማወቁን ሳያረጋግጡ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። ጎግል በ2018 ያወጣው ባለ ብዙ ቋንቋው በርት 104 ቋንቋዎችን ያካትታል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ይባስ ብሎ የግዕዝ ፊደል በመዝገቡ ስለሌለ እያንዳንዱ የአማርኛ ቃል «የማይታወቅ» በሚል አንድ ምልክት ይተካል። «ውሃ ጠፋ»ም «ቢል በዛ»ም ለእሱ አንድ ናቸው። የሚያስገርመው ፕሮግራሙ አለመቆሙና ስሕተት አለማሳየቱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሠልጥኖ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ይህን በአንድ ደቂቃ ማጣራት ይቻላል፦

```python
from transformers import AutoTokenizer
for m in ["bert-base-multilingual-cased", "xlm-roberta-base"]:
    t = AutoTokenizer.from_pretrained(m)
    print(m, t.tokenize("ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ"))
```

በመጀመሪያው መስመር `[UNK]` የሚል ሲደረደር ታያላችሁ። ሁለተኛው ቃላቱን በፊደላችን ቆራርጦ ያሳያል። አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ከተበተነ ግን ሞዴሉ ቋንቋውን በደንብ አላየውም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ በ2019 ከፌስቡክ ተመራማሪዎች የወጣው ኤክስኤልኤም-አር፣ አማርኛን ከ100 ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ተምሯል። ምን ያህል ተማረ ቢባል፣ ለእንግሊዝኛ 300 ጊጋባይት ጽሑፍ ሲቀርብለት ለአማርኛ የደረሰው 0.8 ጊጋባይት ነው። አማርኛ በዚህ ማዕድ ላይ የተቀመጠው ከጫፍ ነው። ክፍተቱን ለማጥበብ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል፤ ሁለቱም ከአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች የመጡ ናቸው። በ2021 የወጣው አፍሪበርታ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ያሉበትን የ11 የአፍሪካ ቋንቋዎች ጽሑፍ፣ ያውም በጠቅላላው ከአንድ ጊጋባይት በታች የሆነውን፣ ይዞ ከባዶ ተነሣ፤ ከሱ እጅግ የበለጠ ጽሑፍ ካነበቡ ሞዴሎችም ጋር ተፎካከረ። በ2022 የወጣው አፍሮ-ኤክስኤልኤም-አር ደግሞ ትልቁን ሞዴል እንዳለ ወስዶ በ17 የአፍሪካ ቋንቋዎች ጽሑፍ ትምህርቱን አስቀጠለው። ለእኛ ውሃ አገልግሎት እኔ የምጀምረው ከዚህኛው ነው።

ይኸው ትምህርትን የማስቀጠል ዘዴ ቢሮው ውስጥም ይሠራል፤ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። መለያ ያላቸው መልእክቶች 400 ቢሆኑም መለያ የሌላቸው በወር 30,000 ይገባሉ። ሞዴሉን ለምደባ ከማሠልጠን በፊት እነዚህን እየሸፈነ እንዲገምት ማድረግ ይቻላል። ከዜናና ከድረ ገጽ የተማረው አማርኛ «ኧረ ባካችሁ»፣ «ሰፈራችን»፣ «ሮቶ» የሚሉትን እምብዛም አላየም። እነዚህን እንዲለምድ ማንም መለያ መለጠፍ አያስፈልገውም።

የተበደረው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያዋጣ በተግባር የታየው በማሳካኒውስ ነው። ይህ በ2023 የወጣ፣ አማርኛን ጨምሮ የ16 በአፍሪካ የሚነገሩ ቋንቋዎች የዜና ስብስብ ነው። ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዱ የዜና ዘርፍ 10 ምሳሌ ብቻ ሰጥተው ሞከሩ። ሙሉው ዳታ ሲሰጥ 92.6 የነበረው አማካይ ውጤት በ10 ምሳሌ 86.0 ሆነ። ዘዴያቸው ፔት ይባላል፤ ሐሳቡም ቀላል ነው። ሞዴሉ አራት ሳጥን ተሰጥቶት «ምረጥ» አይባልም፤ ዜናው ተጽፎ በመጨረሻው «ይህ ዜና ስለ … ነው» የሚል ባዶ ቦታ ይቀርብለታል። ባዶ መሙላት ደግሞ ሲሠለጥን የኖረበት ሥራ ነው።

ይህን ውጤት ለውሃው መስመር ቃል ገብቶ መስጠት ግን አይገባም። ዜና ረጅም ነው፣ አርታዒ አይቶታል፣ የስፖርት ዜናም የስፖርት ቃል ሞልቶበታል። የእኛ መልእክት አምስት ቃል ነው፤ አራቱም ክፍሎች «ውሃ» የሚለውን ይጋራሉ።

የብድሩን ወሰን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ። በዚያው 2023 በተካሄደው የአፍሪሴንቲ ውድድር ተሳታፊዎች የትዊተር መልእክቶችን ስሜት እንዲለዩ ተጠይቀው ነበር። ለአማርኛ 6,000 ያህል የማሠልጠኛ ትዊት ነበረ፤ ለትግርኛና ለኦሮምኛ ግን አንድም የማሠልጠኛ ምሳሌ አልተሰጠም፤ ሞዴሉ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ተሻግሮ እንዲሠራ ነው የተፈለገው። ለየቋንቋው ምሳሌ በተሰጠበት ምድብ ያሸነፈው ቡድን አማካይ 71.31 ሲሆን፣ በዚህ ያለ ምሳሌ በሆነው ምድብ ያሸነፈው 58.15 ላይ ቀረ። ፊደል መጋራትና የቋንቋ ዝምድና መንገድ ያሻግራሉ፤ ከዒላማው ቋንቋ የመጡ መቶ ምሳሌዎችን ግን አይተኩም።

የማብዛት ፈተና

400ው ካነሰ ለምን 400ውን 2,000 አናደርገውም? ይህ ነው ዳታ ኦግመንቴሽን። ከእያንዳንዱ መልእክት መልኩ የተለየ፣ መለያው ግን ያልተለወጠ ተጨማሪ መልእክት መፍጠር ማለት ነው። በፎቶ ላይ ቀላል ነው፤ የተገለበጠ የድመት ፎቶ ያው ድመት ነው። በቋንቋ ላይ ግን «መለያው ያልተለወጠ» የሚለው ቃል ኪዳን ቶሎ ይፈርሳል፤ በአማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይፈጥናል።

በሰፊው የሚታወቀው ቀላል ዘዴ በ2019 ጄሰን ዌይና ካይ ዞው ያቀረቡት ኢዲኤ ነው። ከዓረፍተ ነገሩ ጥቂት ቃላትን በተመሳሳይ ቃል ይተካል፣ ይጨምራል፣ ቦታ ያለዋውጣል፣ ይሰርዛል። የተሞከረው በእንግሊዝኛ ነው። አሁን መሰረዙን በእኛ ላይ እንሞክረው። «ውሃ መጣ ግን ቆሻሻ ነው» አምስት ቃል ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቃል በትንሽ ዕድል ይሰርዛል፤ አንድ ቃል ብቻ ቢሰርዝ እንኳ ከመልእክቱ አንድ አምስተኛ ነው። ዕጣው «ቆሻሻ» ላይ ከወደቀ የሚቀረው «ውሃ መጣ ግን ነው» ይሆናል፤ መለያው ግን አሁንም «ጥራት» ይላል። ጥራት ክፍል በጠቅላላው 24 ምሳሌ እንዳለው አስታውሱ።

ምክንያቱ አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ የሚጭነው ጭነት ነው። «እንዳልመጣላቸው» የሚለውን እንግሊዝኛ በአምስት በስድስት ቃል ነው የሚለው። ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል መንቀል ከግድግዳ አንድ ድንጋይ እንደማንሣት ነው፤ ከአማርኛ ሲሆን መስኮቱ አብሮ ይወጣል። አሉታም ለብቻው የሚቆም ቃል አይደለም፤ ግሡ ውስጥ ነው። «መጣ»ን በሚቀርበው ቃል ተካ ሲባል፣ ቃላትን በጎረቤቶቻቸው የሚለካ መሣሪያ «አልመጣም»ን ቢያመጣ አይፈረድበትም፤ ሁለቱም የሚውሉት በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነውና። «ጥሩ»ን በ«መጥፎ» የሚተካውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ታዋቂ መንገድ ተርጉሞ መመለስ ነው፤ መልእክቱን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አማርኛ። ይህ ትርጉምን የተሻለ ይጠብቃል፤ አማርኛ በጎግል ትርጉም ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ስላለ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ሆኖም ሁለት ነገር ይፈጠራል። አንደኛ፣ «አንጀቴን አሳረራችሁት» እና «አንጀቴን አራሳችሁት» እንግሊዝኛ ደርሰው ሲመለሱ ስለ አንጀት ሕመም ሊያወሩ ይችላሉ፤ አንዱ እርግማን ሌላው ምርቃት መሆኑ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለተኛውና የባሰው ጸጥ ያለ ጉዳት ነው። «ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ» ተመልሶ የሚመጣው «ውሃው ከተቋረጠ አንድ ሳምንት ሆኖታል» በሚል ዓይነት የመጽሐፍ አማርኛ ነው። መለያው አልተበላሸም። ነገር ግን የጨመርነው ሁሉ ሞዴሉን ሰዎች ከሚጽፉት አርቆ ወደ ጋዜጣ ይወስደዋል፤ ጋዜጣ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚያውቀው ነው። የሚጨመር ምሳሌ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ነገ ከሚገባው መልእክት ጋር ሲመሳሰል ነው።

ታዲያ ነገ የሚገባው መልእክት ከዛሬው የሚለየው በምንድን ነው? አንዱ በፊደል አጣጣል ነው። «ውሃ» የሚለውን ሰዎች ውሃ፣ ውሀ፣ ውኃ፣ ውሐ እያሉ ይጽፉታል፤ ለኮምፒውተር አራቱም የተለያዩ ናቸው። «ሰፈር»ና «ሠፈር»፣ «ዓመት»ና «አመት»፣ «ተበላሽቷል»ና «ተበላሽቱዋል»ም እንዲሁ። ስለዚህ ከማሠልጠኛው መልእክት ሞክሼ ፊደላትን በዘፈቀደ እየቀያየሩ ማብዛት መለያውን የማይነካ፣ የኛው የራሳችን ኦግመንቴሽን ነው። ተቃራኒው መንገድም አለ፤ ሁሉን ወደ አንድ ፊደል ማጠቃለል። ከባዶ ለሚማር ትንሽ ሞዴል ማጠቃለሉን እመርጣለሁ፤ ምሳሌ ያላነሰው ሰው የለምና። ብዙ ላነበበው ትልቅ ሞዴል ግን ማብዛቱን አስቀድሜ እሞክራለሁ፤ ምክንያቱም እሱ «ዓለም»ንም «አለም»ንም በየቦታቸው አይቷል፣ ሁሉን በአንድ ፊደል መጻፍ ያልለመደውን ጽሑፍ ማቅረብ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ሠረቀች እና ሌባው ሰረቀ የሚሉትን ማደባለቅም አለ፤ በውሃ አቤቱታ ውስጥ ይህ ብዙም ባያሳስብም። ማጠቃለልን የመረጠ ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ በሥልጠና ያደረገውን ለሚገባው መልእክትም ማድረግ አለበት። በቤተ ሙከራ ጥሩ ሠርቶ ሥራ ላይ ሲውል የሚሰንፍ ሞዴል ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ሌላው ልዩነት የቦታ ስም ነው። ከ42 የስብራት ማሠልጠኛ ምሳሌዎች 20ው በአንድ ሳምንት ከሳሪስ የመጡ ቢሆኑ፣ ሞዴሉ «ሳሪስ» ማለት ስብራት ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ ከሳሪስ የሚመጣ የቢል አቤቱታ ሁሉ ወደ ጥገና ይሄዳል። መፍትሔው የሰፈሮችን ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ በየመልእክቱ እየቀያየሩ ማብዛት ነው፦ «ኮተቤ ቧንቧ ፈነዳ»፣ «ገርጂ ቧንቧ ፈነዳ»። አሰልቺ ይመስላል፤ ከተርጉሞ መመለስ ይልቅ ግን ይህን አምናለሁ። ቢያንስ ምን እንደሚያስተካክል አውቃለሁ።

96 ከመቶ ሲመጣ

አሁን አንድ ሰው ለእያንዳንዱ መልእክት አራት አራት ጨምሮ 400ውን 2,000 አደረገው፤ ከዚያ አንድ አምስተኛውን ለመፈተኛ ለይቶ ሞዴሉን አሠለጠነና «96 ከመቶ!» ብሎ መጣ እንበል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ከሦስት መልእክት አንዱን ይስታል።

ምን ሆነ? ከተባዛ በኋላ ስለተከፈለ ወንድማማቾቹ ተለያዩ። እያንዳንዱ መልእክት አራት መንትዮች አሉት፤ እያንዳንዱ መንትያ ማሠልጠኛው ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ከአምስት አራት ነው። አንድ የፈተና መልእክት ማሠልጠኛው ውስጥ ቢያንስ አንድ መንትያ የማግኘት ዕድሉ ሲሰላ 99.8 ከመቶ ይሆናል። ተማሪው የተፈተነው መልሱን ባየው ጥያቄ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ከ400ው 100 ተለይቶ ይቆለፍበታል፣ ቀሪው 300 ብቻ ይባዛል፣ መፈተኛው ምንም ሳይነካ እንደተጻፈ ይቀራል። ሰው አንድ አቤቱታ አምስቴ ስለሚልክና ጎረቤት ለጎረቤት ስለሚያስተላልፍ፣ ሲከፈልም በላኪና በቀን መከፈል አለበት። ውጤቱ ከ96 ወርዶ 78 ቢሆን አይክፋችሁ፤ 78ቱ እውነተኛው ነው።

78 ጥሩ ነው ወይ? ምንም ሳያነብ ሁሉንም «መቋረጥ» የሚል ፕሮግራም 60 ከመቶ ያገኛል፤ መልእክቱ 60 ከመቶ መቋረጥ ነውና። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ለየክፍሉ የተለየ ነጥብ ሰጥተው እኩል የሚያማክሉት፤ መለኪያው ማክሮ ኤፍ-ዋን ይባላል። በዚህ ሚዛን ያ ሰነፍ ፕሮግራም ከ1 የሚያገኘው 0.19 ብቻ ነው። ሌላም ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ ያለ ምንም ብድር፣ የቃላቱን ሦስት ሦስት አራት አራት ፊደል እየቆጠረ የሚለይ ተራ ሞዴል። በተለመደ ላፕቶፕ በሴኮንዶች ይሠለጥናል። አማርኛ ግንዱን በቅጥያ ስለሚከብብ የፊደል ቁርጥራጭ መቁጠር ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። ትልቁ ሞዴል ይህን በግልጽ ካልበለጠው፣ ብድሩ አልሠራም ወይም የሆነ ቦታ ስሕተት አለ።

«በግልጽ» የሚለው ቃል የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በ100 የፈተና መልእክት 80 ያገኘ ሞዴል እውነተኛ ችሎታው ከ72 እስከ 88 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኦግመንቴሽኑ ከ80 ወደ 82 አሳደገልኝ» የሚል ሰው ምንም አልነገረኝም። መፈተኛው ውስጥ የጥራት መልእክት ስድስት ብቻ ነው፤ አንዱን ቢስት የዚያ ክፍል ቁጥር በ17 ነጥብ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ትልቅ ሞዴል በትንሽ ዳታ ሲስተካከል እንደ ዕጣ ነው፤ የምሳሌዎቹ ቅደም ተከተል ብቻ ተቀይሮ ውጤቱ በብዙ ነጥብ ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ አምስት ጊዜ በአምስት የተለያየ መነሻ አሠልጥኖ አማካዩንም ልዩነቱንም መያዝ ግድ ነው። የመማሪያው ፍጥነት ዝቅ ይላል፤ `2e-5` የተለመደ መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተጣደፈ ሞዴሉ ተበድሮ የመጣውን አማርኛ ራሱን ይረሳል።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚናገሩት በእጅ የተጻፉ ጥንድ መልእክቶች ናቸው። «ሳሪስ ቢሉ በዛብን» እና «ገርጂ ቢሉ በዛብን» አንድ መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ካላገኙ ሞዴሉ ሰፈር ነው የሚያነበው። «ውሃው ደፍርሷል» እና «ውሃው አልደፈረሰም ግን የለም» የተለያየ መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ካላገኙ አሉታውን አላየውም። ከእነዚህ 50 ጥንድ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሽሙጡንም መጨመር አይዘንጋ፤ ያቺ «ንጹሕ አየር» ብዙ ሞዴል ትጥላለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞዴሉ ሲጠራጠር መልእክቱን ለሠራተኛዋ እንዲተው ይደረጋል። እርግጠኛ የሆነባቸውን ይመራል፤ የተረፉት ጥቂቶች ለእሷ ይቀራሉ። እሷ የምትለያቸው እነዚያ አስቸጋሪዎቹ ናቸውና በየሳምንቱ ወደ ማሠልጠኛው ይገባሉ፤ ከተባዛ አንድ ሺህ ይልቅ እንዲህ ያለ መቶ ይጠቅማል። በሦስተኛው ወር መሥሪያ ቤቱ በስልክ መክፈል ያስጀምራል። በማግሥቱ «ከፈልኩ ግን አላሳየም» የሚል መልእክት ይጎርፋል። ቢል የሚል ቃል የለበትም፣ ውሃ የሚል ቃል የለበትም፣ ከ400ዎቹ አንዱም አይመስልም፤ ሞዴሉ ግን «አላሳየም» የሚለውን ይዞ፣ በሙሉ ልብ፣ ወደ ሥርጭት ይልከዋል።